ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ስንት ወር ያቆየኛል? በጠቅላላ ወጪ 5 ወር፣ በግድ ወጪ 10 ወር ወጣልኝ

ማለዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቢቆም በመጠባበቂያ ገንዘቤ ስንት ወር እንደምቆይ ላሰላ ፈልጌ ሁለት መልስ አገኘሁ፤ ሁለቱ ደግሞ እጅግ ተራራቁብኝ። የገንዘቡን ዓይነት ትቼ ቁጥሩን ብቻ ልጻፍ።

መጠባበቂያዬ 210,000 ነው። የባንክ ስቴትመንቴን የ12 ወር አውርጄ ከሒሳቤ የወጣውን ሁሉ ደመርኩት፤ 468,000 ሆነ። ለ12 ሲካፈል በወር 39,000 ነው። በዚህ ከሄድኩ ገንዘቡ 5 ወር ከጥቂት ቀን ያቆየኛል።

ነገር ግን ሥራ ሲቆም እንደ ድሮው እንደማላወጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ የግድ የሆኑትን ብቻ በወረቀት ጻፍኩ። ኪራይ 9,000፣ ምግብ 5,000፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 2,000፣ ትራንስፖርት 1,800፣ የብድር ክፍያ 2,500። ድምሩ 20,300። በዚህኛው 10 ወር ከምናምን ሆነ።

የቱን ልመን?

ፈጣን መልስ
ከ3 እስከ 6 ወር የሚበቃ ማስቀመጥ በቂ ነው ይባላል። ባለሽ ገንዘብ 5 ወር ካለፈሽ ገብተሻል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሌላ ነገር ላይ ብታውይው ይሻላል።

ማለዳ
አመሰግናለሁ፤ ግን ጥያቄዬ ስንት ወር ላስቀምጥ አይደለም። ያለው ገንዘብ በትክክል ስንት ወር ነው የሚለው ነው። 5ም ይሁን 10 ሳላውቅ በቂ ነው አይደለም ማለት አልችልም።

ቆጥቤ ልደር
በጠቅላላ ወጪ ማካፈሉ ስህተት ነው፤ እዚያ ላይ ምንም ክርክር የለውም ወንድሜ። መዝናኛውም፣ ስጦታውም፣ የገዛኸው ዕቃም እዚያ ውስጥ አለ። ቀላሉ መንገድ ይኸውልህ፦ ከ12ቱ ወር ትንሽ ያወጣህበትን ወር ፈልግ። በዚያ ወር ኖረሃል አይደል? እንግዲያው በዚያ መኖር ይቻላል ማለት ነው። መጠባበቂያህን ለዚያ አካፍል።

ደብተር ያዥ
ማለዳ፣ ሁለቱንም አይመኑ። የመጀመሪያው ወጪ ያልሆነ ነገር ደምሯል፣ ሁለተኛው ደግሞ የተረሳ ነገር አለበት። አንዱ ከመጠን በላይ፣ ሌላው ከመጠን በታች ስለሆኑ እውነቱ መካከል ላይ ይውላል፤ የት ላይ እንደሚውል ግን በግምት አይገኝም።

የመጀመሪያው ችግር ሁሌም አንድ ነው። ከሒሳብ የወጣ ገንዘብ ሁሉ ወጪ አይደለም። ከአንዱ የራስ ሒሳብ ወደ ሌላው የራስ ሒሳብ የተላለፈ፣ ለመጠባበቂያው ራሱ የተቀመጠ፣ ከብድር ክፍያው በላይ በፈቃድ የተከፈለ፣ ተገዝቶ ተመልሶ ገንዘቡ የተመለሰ፤ እነዚህ ሁሉ በስቴትመንቱ ላይ እንደ ወጪ ይታያሉ። ክሬዲት ካርድ ካለ ደግሞ ይብሳል። የካርዱም ስቴትመንት አብሮ ከተደመረ ዕቃው በካርድ ሲገዛ አንዴ፣ ካርዱ ከባንክ ሲከፈል ሁለተኛ ጊዜ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ዝርዝር ከጭንቅላት የተጻፈ ነው። ከጭንቅላት የሚጻፍ ዝርዝር በየወሩ የሚመጣውን ያስታውሳል፤ በዓመት ሁለቴ የሚመጣውን ይረሳል። ያስታወሰውንም ቢሆን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው። 5,000 ብለው የጻፉት የምግብ ወጪ በስቴትመንቱ ላይ ስንት ነው?

የ468,000ውን ዝርዝር በየርዕሱ ቢያወጡልን አብረን እንሄድበታለን።

ማለዳ
(ቆጥቤ ልደር፣ ሴት ነኝ 😊)

ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ ግን ይኸው የዓመቱ ዝርዝር።

ኪራይ 108,000
ምግብ ለቤት 84,000
መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ 24,000
ትራንስፖርት 21,600
የብድር መደበኛ ክፍያ 30,000
ለብድሩ በተጨማሪ የከፈልኩት 12,000
የልጆች ትምህርት ቤት 30,000 (ሁለት ጊዜ፣ በ6 ወር ልዩነት፣ 15,000 15,000)
ሕክምናና መድኃኒት 9,600
ለእናቴ የምልከው 12,000
ውጭ መብላት፣ መዝናኛ፣ ልብስ፣ ስጦታ 42,000
የቤት ዕቃ አንድ ጊዜ የገዛሁት 18,000
ወደ ቁጠባ ሒሳቤ ያዛወርኩት 48,000
በጥሬው ከማሽን ያወጣሁት 28,800

ምግቡ በወር 7,000 ነው ለካ። 5,000 ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱንና መድኃኒቱንም ጨርሶ ረስቻቸዋለሁ። የጥሬው ገንዘብ ደግሞ የት እንደገባ አላውቅም።

ደብተር ያዥ
ጥሩ ሥራ ነው። አሁን ከላይ ወደ ታች እንውረድ።

በመጀመሪያ የሚወጡት፦ ወደ ቁጠባ የሄደው 48,000 እና ለብድሩ በተጨማሪ የከፈሉት 12,000። ሥራ በቆመ ማግስት ሁለቱም ይቆማሉ። የቤት ዕቃው 18,000 አንዴ ሆኖ አልፏል። መዝናኛና ልብሱ 42,000 ሊቆም ይችላል፤ መቼ እንደሚቆም ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዳሉ የሚቆጠሩት፦ ኪራይ 9,000፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 2,000፣ የብድሩ መደበኛ ክፍያ 2,500፣ መድኃኒት 800። ስልክና ኢንተርኔትን ቅንጦት ነው ብላችሁ የምትሰርዙ አላችሁ። ሥራ የሚፈለገው በእነሱ ነው፤ ይቆዩ።

ትምህርት ቤቱ በወር ሲሰላ 2,500 ይመጣል። ለጊዜው እንደዚያ እናስገባው።

ምግቡ ነው ጥንቃቄ የሚጠይቀው። 7,000ውን በሙሉ የግድ ማለትም፣ ደስ ባለን ቁጥር መቀነስም ልክ አይደለም። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ የ8 ሳምንት ደረሰኝ ይሰብስቡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ያንን ዕቃ ባልገዛው ኖሮ ሌላ ምን እገዛ ነበር ብለው ይጠይቁ። ምንም የሚል መልስ ካለ ይሰረዛል። በሌላ ርካሽ ነገር የሚተካ ከሆነ ደግሞ የተኪው ዋጋ ይገባል እንጂ ዜሮ አይገባም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይሰርዙና ተኪውን ሳይጽፉ ያልፋሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሰው ሳይበላ ይውላል።

ጥሬ ገንዘቡን ወደ ኋላ ሄዶ ማወቅ አይቻልም፤ አይልፉ። ለ4 ሳምንት ከኪስ የሚወጣውን ብቻ በማስታወሻ ይያዙ። እስከዚያ ድረስ 2,400ውን በሙሉ የግድ ነው ብለው ይቁጠሩት። የማይታወቅ ወጪ ባልታወቀበት ልክ ወደ ግድ ይጠጋል።

ቆጥቤ ልደር
ይቅርታ እህቴ። ግን ዝቅተኛው ወር የሚለውን ሐሳቤን ማንም አላፈረሰውም። የ8 ሳምንት ደረሰኝ ከመቁጠር፣ ትንሹን ወር መውሰድ አይቀልም?

ማለዳ
አየሁት። ለምግብ ትንሽ ያወጣሁበት ወር 3,900 ነው። ከእሱ በፊት ያለው ወር ግን 10,800 ነው። ዱቄት፣ ዘይትና የመሳሰለውን በብዛት ገዝቼ ነበርና ቀጣዩን ወር ከጓዳ ነው የበላነው።

ደብተር ያዥ
መልሱ ይኸው ነው። ትንሹ ወር የተዋሰው ከቀደመው ወር ነው። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 7,350 ናቸው፤ ከአማካዩም ይበልጣሉ። በ3,900 አካፍሎ የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ወር ጓዳው ባዶ ይሆንበታል። ቆጥቤ ልደር ግን ግማሹ ትክክል ነው። ዝቅተኛ ወሮች ምን እንደሚቆረጥ ያሳያሉ፤ መጠኑን ግን አይነግሩም። ሦስት ተከታታይ ወር አንድ ላይ ወስዶ ከሌሎቹ ሦስት ወሮች ጋር ማወዳደር ይህን ማዛባት ብዙውን ያጠፋዋል።

ነገረ ሒሳብ
አንድ ነገር ቀርቷል። እስካሁን የተሰራው የሠራተኛ ሰው ወጪ ነው፤ የምንፈልገው ግን ሥራ የሌለው ሰው ወጪ ነው። የሚቀንስም የሚጨምርም አለው።

ትራንስፖርት ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ለቃለ መጠይቅ መሄድ፣ ልጆች ማድረስ ይኖራል። የሚጨምረው ደግሞ አሠሪ የሚሸፍነው ነገር ነው። ሕክምና በመሥሪያ ቤት የሚሸፈንልሽ ከሆነ በስቴትመንትሽ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ስንት ስቴትመንት ብታገላብጪ አታገኚውም። የደመወዝ ወረቀትሽን ተመልከቺ። ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ የሚከፈል ማንኛውም ነገርም እንደዚያው ነው፤ መድን ሊሆን ይችላል፣ የማኅበር መዋጮ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ሒሳብሽ ውስጥ ስላልገባ ሲወጣም አይታይም።

ማለዳ
ልክ ነሽ/ነህ። የአንዱ ልጄን ቋሚ መድኃኒት መሥሪያ ቤቴ ነው የሚመልስልኝ፤ በወር 1,500 ገደማ ነው። እኔ የጻፍኩት 800 ከዚያ ውጭ ያለውን ነው።

የ8 ሳምንት ደረሰኝ ስላልነበረኝ የ5 ሳምንቱን ሠራሁ፤ ምግቡ ወደ 6,000 ወረደ። ትራንስፖርቱን መንገድ በመንገድ ስቆጥረው 700 ሆነ። ጥሬ ገንዘቡን መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ ግማሽ ወር ላይ ስደርስ ሁለት ሦስተኛው የግድ የሆነ ይመስላል። ወርውሬ 1,600 ልበለው?

ደብተር ያዥ
በግማሽ ወር መረጃ 1,600 ማለት ትንሽ መቸኮል ነው፤ ግን እንደ ጊዜያዊ ቁጥር ይያዝና ወሩ ሲሞላ ይታረማል።

እንደምር። ኪራይ 9,000፣ ምግብ 6,000፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 2,000፣ ትራንስፖርት 700፣ ብድር 2,500፣ መድኃኒት 800 እና 1,500፣ ለእናትዎ 1,000፣ ጥሬ ገንዘብ 1,600። 25,100 ነው። ትምህርት ቤቱ በወር 2,500 ሲጨመር 27,600 ይሆናል። 210,000 ለ27,600 ሲካፈል 7.6 ወር።

የ10 ወሩ ስሌት ከ2 ወር ተኩል በላይ አታሎዎት ነበር ማለት ነው። ይህም ግን የመጨረሻው ቁጥር አይደለም።

ጉዞ ላይ
እኔ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለታችንም እንሠራለን። መጠባበቂያችን 90,000፣ የግድ ወጪያችን 24,000። እንደ እናንተ ስሌት 4 ወር እንኳ አይሞላም። ግን የእኔ ሥራ ቢቆም የባለቤቴ 15,000 ይቀጥላል። ይህ የት ይገባል?

ነገረ ሒሳብ
የሚካፈለው ለጉድለቱ ነው። 24,000 ሲቀነስ 15,000፣ ጉድለቱ 9,000 ነው። 90,000 ለ9,000 ሲካፈል 10 ወር።

ነገር ግን ሁለቱንም ቁጥር ጻፈው። አንዳችሁ ብትቆሙ 10 ወር፣ ሁለታችሁም ብትቆሙ 3.75 ወር። ደግሞ የአንተ ሳይሆን የእሷ ሥራ ቢቆም ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ገቢያችሁ እኩል ካልሆነ ሦስት ቁጥር አለህ ማለት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ከሆናችሁ ግን 10 ወሩን እርሳው። አንዱን ያቆመ ነገር ሌላውንም ያቆማል።

ጉዞ ላይ
አንድ መሥሪያ ቤት ነን 😐

ደብተር ያዥ
ወደ ማለዳ ልመለስ። 7.6 የመጨረሻው አይደለም ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ ወጪ በአንድ ቀን ወደ ግድ ልክ አይወርድም። ሥራ የቆመበት የመጀመሪያ ወር ላይ የተለመደው 3,500 የመዝናኛና የልብስ ወጪ አብዛኛው ቀድሞ ወጥቷል ወይም ቃል ተገብቶበታል፤ ለብድሩ በተጨማሪ የሚቆረጠው 1,000 ትዕዛዙ እስኪሰረዝ ይቀጥላል፤ ትራንስፖርቱም ወዲያው 700 ላይ አያርፍም። ሦስቱ ሲደመሩ 5,600 ይመጣሉ፤ 6,000 ብዬ አጠጋጋሁት። በሁለተኛው ወር 2,000 ይቀራል ብለን እንያዝ። ከዚያ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤት በወር 2,500 አይከፈልም። በዓመት ሁለቴ 15,000 ነው የሚከፈለው። አማካይ ማውጣት በጀት ለመያዝ ይመቻል፤ ገንዘቡ የሚያልቅበትን ቀን ለማወቅ ግን ያሳስታል። ስለዚህ ማካፈሉን ትተን ወር በወር እንቀንስ። 25,100 በየወሩ፣ ተጨማሪው ደግሞ በሚመጣበት ወር። ትምህርት ቤቱ በ2ኛው ወር ላይ ይምጣ እንበል።

1ኛ ወር፦ 31,100 ወጣ፣ 178,900 ቀረ
2ኛ ወር፦ 42,100 ወጣ፣ 136,800 ቀረ
3ኛ ወር፦ 25,100 ወጣ፣ 111,700 ቀረ
4ኛ ወር፦ 86,600 ቀረ
5ኛ ወር፦ 61,500 ቀረ
6ኛ ወር፦ 36,400 ቀረ
7ኛ ወር፦ 11,300 ቀረ

በ8ኛው ወር 25,100 ይፈለጋል፤ በዚያ ላይ ሁለተኛው የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። በእጅ ያለው 11,300 ነው። መልሱ 7 ወር ነው። የቀረውን ግማሽ ወር ብሎ መቁጠር አይገባም፤ ኪራይ በግማሽ አይከፈልም።

በኤክሴል ለመሥራት በ«A» ዓምድ ወሩን፣ በ«B» ዓምድ የዚያን ወር ተጨማሪ ወጪ ይጻፉና በ«C» ዓምድ ይህን ያስገቡ፦

```
C2:  =210000-25100-B2
C3:  =C2-25100-B3
```

C3ን ወደ ታች መጎተት ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች የሚወርድበት የመጀመሪያው መስመር መቁረጫው ነው።

ማለዳ
ሠራሁት። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ወር እያቀያየርኩ ሞከርኩ። ሁለቱ ክፍያዎች በ6 ወር ስለሚራራቁ፣ የመጀመሪያው በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ እስከ 6ኛው ወር የትም ቢውል ልዩነት የለም፤ 7 ወር ነው። ግን የመጀመሪያው ክፍያ ሥራ የቆመበት ወር ላይ ከዋለ ሁለተኛው 7ኛው ወር ላይ ይመጣል፤ በዚያ ወር 3,700 ጎደለኝ። 6 ወር ሆነ!

ያው ገንዘብ፣ ያው ወጪ። የተለየው ሥራ የቆመበት ወር ብቻ ነው።

ደብተር ያዥ
ትክክል። ስለዚህ የእርስዎ መልስ «ከ6 እስከ 7 ወር፣ እንደ ወሩ» ነው። የጎደለው 3,700 ትንሽ ስለሆነ ምግቡን ወይም ጥሬውን ትንሽ ጠበቅ በማድረግ ይሞላል ሊሉ ይችላሉ። ይሞላ ይሆናል። እኔ ግን አልቆጥረውም፤ የግድ ወጪ አስቀድሞ ከተጠበቀ በኋላ እንደገና እንዲጠብቅ መጠበቅ በወረቀት ብቻ የሚሠራ ነገር ነው።

ቆጥቤ ልደር
ለእናት የሚላከው 1,000 ግን የግድ ነው? ሥራ የለኝም ብላ ብትነግራቸው የማይረዷት እናት አሉ? ይህ ቢሰረዝ በ7 ወር 7,000 ነው፤ ያ 3,700 ተሸፈነ።

ነገረ ሒሳብ
እናቷ በዚያ 1,000 ምን እንደሚያደርጉበት ታውቃለህ? መድኃኒት ቢሆንስ? በሰው ዝርዝር ላይ ግዴታን ከሩቅ መሰረዝ ቀላል ነው።

ቆጥቤ ልደር
አልሰርዝም፣ ጠየቅሁ እንጂ። ግን እንዲህ ካልን ሁሉም ነገር የግድ ነው።

ደብተር ያዥ
ይህን ሒሳብ አይፈታውም። መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው፦ ባይከፈል በ60 ቀን ውስጥ ምን ይሆናል? ቤት ማጣት፣ መታመም፣ አገልግሎት መቋረጥ፣ ዕዳ ላይ ቅጣት የሚያመጣ ከሆነ የግድ ነው። ለእናት የሚላከው በዚህ መለኪያ የሚወሰነው በእናት ቤት ባለው ሁኔታ ነው፤ ያን የምታውቀው ማለዳ ናት። ስንት ወር እንደሚጨምር ግን አስቀድመው ይዩት። በሰባቱ ወር 7,000 ይተርፋል፤ የ6 ወሩን ሁኔታ ወደ 7 ያሻግረዋል፣ የ7 ወሩን ግን ወደ 8 አያደርሰውም።

ማለዳ
የቤት ኪራያቸው ላይ ነው የሚገባው። ይቆይ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከ210,000ው ውስጥ 60,000 በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ነው፤ ጊዜው የሚደርሰው ከ4 ወር በኋላ ነው። ይቆጠራል?

ነገረ ሒሳብ
ይቆጠራል፤ ግን በሰንጠረዡ ላይ በሚደርስበት ወር ይግባ። በ150,000 ጀምሪና ተመልከቺ፤ በሠራሽው አካሄድ 5ኛው ወር መጨረሻ ላይ 1,500 ይቀራል። ገንዘቡ 4 ወር ሲሞላ ስለሚለቀቅ ክፍተት የለም። ችግር የሚሆነው ተቀማጩ ጊዜው ሲደርስ ራሱን እንዲያድስ ከታዘዘ ነው። አንዳንዱ ተቀማጭ ካልነገርሽው ለሌላ ዙር ይቀጥላል፤ ከመጨረሻው ቀን በፊት አውጥቶ መውሰድ ደግሞ ወለዱን ሊያሳጣ ይችላል። ትዕዛዙ ምን እንደሚል አሁኑኑ ጠይቂ።

ጉዞ ላይ
የዋጋ ንረትስ? በ7 ወር ውስጥ ምግብ በዚያው ዋጋ ይቆያል?

ደብተር ያዥ
አይቆይም፤ ግን ሰው እንደሚፈራው ያህል ብዙውን ጊዜ ወሩን አይለውጠውም፤ ምክንያቱም ዋጋ የሚጨምረው በሁሉም መስመር ላይ አይደለም። በማለዳ ዝርዝር ውስጥ በየወሩ የሚንቀሳቀሰው ምግብ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ትራንስፖርትና 800ው መድኃኒት ናቸው፤ 9,100። በወር 1.5 በመቶ ቢጨምሩ በ7 ወር ውስጥ በድምሩ ከ3,000 ትንሽ ያነሰ ተጨማሪ ይመጣል። በ7ኛው ወር የቀረው 11,300 ወደ 8,400 አካባቢ ይወርዳል። 7 ወሩ አይነካም።

ኪራይ ግን ሌላ ነው። በዝግታ አይጨምርም፤ ውል ሲታደስ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ማለዳ፣ ውልዎ መቼ ያልቃል? በ4ኛው ወር ታድሶ በ2,000 ቢጨምር እስከ 7ኛው ወር ድረስ 8,000 ነው። ከዋጋ ጭማሪው ጋር ሲደመር ከ11,300ው የሚተርፈው 360 አካባቢ ብቻ ነው። አንድ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ 7ቱ ወር ፈረሰ።

ማለዳ
ውሉ የሚያልቀው ከ5 ወር በኋላ ነው። ሰንጠረዡ ላይ አስገባዋለሁ።

ጉዞ ላይ
እኔም ጠቅላላውን እንደገና ጀመርኩ። ግን ስቴትመንቱን በርዕስ ስከፋፍል ድምሩ ከባንኩ ጋር አልገጥም አለኝ፤ 6,400 ይጎድላል። እንዴት ነው ስህተቱ የሚገኘው?

ነገረ ሒሳብ
በመጀመሪያ ዓመቱ ሲጀምር የነበረውን ቀሪ ሒሳብ ውሰድ፤ የገባውን ደምር፣ የወጣውን ቀንስ። በመጨረሻው ቀን ያለው ቀሪ ሒሳብ ላይ ካልደረስክ ያመለጠህ መስመር አለ። ከደረስክ ደግሞ ችግሩ ርዕስ ያልሰጠኸው መስመር ነው። በኤክሴል ርዕስ የሌላቸውን ብቻ ለመደመር፣ መጠኑ በ«C»፣ ርዕሱ በ«D» ዓምድ ከሆነ፦

```
=SUMIF(D2:D600,"",C2:C600)
```

ጉዞ ላይ
6,400 ሙሉውን እዚያ አገኘሁት። ሁለት ገጽ ስቴትመንት ሳልከፋፍል አልፌያለሁ።

ቆጥቤ ልደር
እኔም ሳልሠራ ስከራከር ከረምኩ። ትንሹን ወር ትቼ በተከታታይ ሦስት ወር ሠራሁት፤ 9 ወር ያልኩት 6 ሆነ። የትምህርት ቤት ክፍያን በየወሩ በትንሽ በትንሹ ለመክፈል ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ ግን 6ቱ 7 አይሆንም?

ደብተር ያዥ
የአንተን ዝርዝር ስላላየሁ አላውቅም። የማለዳን ግን ሞክሬዋለሁ፦ 15,000ው በስድስት ወር ተከፋፍሎ በየወሩ 2,500 ከተከፈለ፣ የመጀመሪያው ክፍያ የትም ወር ላይ ቢውል በ7ኛው ወር መጨረሻ 8,800 ይቀራል። ያ የ6 ወሩ ክፉ ሁኔታ ጠፋ ማለት ነው። ግን ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ እሺ እስኪል ድረስ በሰንጠረዡ ላይ 15,000ው እንዳለ ይቀመጥ።

ማለዳ
ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ። የጥሬ ገንዘቡም ወር ሊሞላ 9 ቀን ቀርቶታል፤ እስካሁን ያለው ከ1,600 ትንሽ የሚያልፍ ይመስላል።